በዕጣ ያገኘሁት 870 ኢሜልና በሁለት ገፅ ወረቀት ያገኘሁት 251

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው፣ ቀን ስራ አለኝ፣ ማታና ቅዳሜ ደሞ በዙም እንጀራ አጋገር አስተምራለሁ። ክላሱ 55 ዶላር ነው፣ አምስት ቀን ይፈጃል ምክንያቱም እርሾውን ከዜሮ አብረን ነው የምናስነሳው፣ አንድ ዙር ላይ ከ12 ሰው በላይ አልይዝም ካሜራቸውን እያየሁ ሊጣቸውን ማረም ስላለብኝ። ይሄን የምፅፈው ኢሜል ሰብስበው በኋላ የሚከፈልበት ነገር ሊሸጡ ያሰቡ ሰዎች በተለይ እዚህ ውጭ ያሉ እህቶች ብዙ ጊዜ ስለሚጠይቁኝ ነው፣ እኔ አንዴ በጣም ተበላሽቶብኝ ሁለተኛው የተሳካልኝ ስለሆነ ሁለቱንም እንዳለ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው በፈረንጅ ኖቬምበር 2023 ነው። ሰው ሁሉ ነፃ ነገር ስጪና ኢሜል ሰብስቢ ይለኝ ነበር፣ እኔም ያበሻ ሴት ሁሉ የምትፈልገው ምንድነው ብዬ አሰብኩና የኤሌክትሪክ ምጣድ በ180 ዶላር ገዝቼ ዕጣ አወጣሁ። ስምና ኢሜል የሞላ ሁሉ ዕጣ ውስጥ ይገባል። ፌስቡክ ላይ በየግሩፑ ለጠፍኩት፣ ሰው ለሰው ተላላከው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ 870 ኢሜል ሆነ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም፣ ከ870 ውስጥ አስር ፐርሰንቱ እንኳ ቢገዛ እያልኩ ማታ ማታ ሳሰላ ነበር የማድረው። ምጣዱ ለአንዲት ቨርጂኒያ ላለች ልጅ ወጣላት፣ ላኩላት፣ ከዛ በዓሉ መጣ፣ ስራው በዛብኝና ሰባት ሳምንት ሙሉ ለማንም ምንም ሳልፅፍ ቀረሁ።

ጃንዋሪ 2024 ገና እንዳለፈ ስለ ክላሱ ለ870ውም አንድ ላይ ላኩኝ። የገዙት ሶስት ሰዎች ናቸው። 41 ሰው ያኔውኑ አንሰብስክራይብ አደረገ፣ ሁለተኛ አትላኪልኝ አለ ማለት ነው፣ ስፓም ብለው የከሰሱኝ ደሞ ዘጠኝ ናቸው። ዘጠኝ ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን ለብዙ ሰው አንድ ላይ ኢሜል የምልክበት አገልግሎት የሚያየው ያሁና ሆትሜል የመሳሰሉት የሚነግሩትን ብቻ ነው፣ ጂሜል ማን ስፓም እንዳለሽ ስም ጠርቶ አይነግርም፣ እና የኔ ሰዎች አብዛኞቹ ጂሜል ናቸው፣ ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከዘጠኝ በላይ ነው ማለት ነው። ጉግል ለብዙ ሰው የሚልኩ ሰዎች የስፓም ክሳቸው ከ0.3 ፐርሰንት በታች መሆን አለበት ይላል፣ ከሺህ ሰው ሶስት ማለት ነው፣ እኔ በሚታየኝ ብቻ ከመቶ አንድ አልፌያለሁ። ውጤቱን ያየሁት በሚቀጥለው ወር ነው፣ ከዚህ በፊት ክላስ የወሰዱ የራሴ ተማሪዎች ሳይቀሩ ኢሜልሽ ስፓም ውስጥ ነው ያገኘሁት ማለት ጀመሩ። ያልፈለጉኝ ሰዎች የሚፈልጉኝን ሰዎች መንገድ ዘጉብኝ።

ለምን እንደዛ እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ፈጅቶብኛል። አንደኛው ዝምታው ነው፣ ሰው በኖቬምበር ዕጣ ሞልቶ በጃንዋሪ ስሜን ቢያይ ማን ናት ይቺ ቢል አይፈረድበትም። ዋናው ግን ስጦታው ራሱ ነው። ምጣድ የማይፈልግ ሰው የለም፣ እንጀራ ጋግራ የማታውቅ ልጅም ለእናቷ ትፈልገዋለች፣ በየሳምንቱ ከሱቅ የሚገዛውም ይፈልገዋል፣ ሰላሳ ዓመት የጋገረችውም ሁለተኛ ምጣድ ብታገኝ አትጠላም። እኔ የምሸጠው ደሞ እየሞከረች እምቢ ላላት ሴት ነው። ስጦታ ማለት እኮ ወንፊት ነው፣ ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ገለባውም አሸዋውም አብሮ ያልፋል፣ እኔ ወንፊት ሳይሆን በሩን ወለል አድርጌ ነው የከፈትኩት።

ከዛ በኋላ ስልኬን ከፍቼ ያሉኝን መልእክቶች በሙሉ ወደ ኋላ አነበብኩ፣ ዋትሳፕም ቴሌግራምም ኢንስታግራምም፣ የአራት ወር። ስለ እንጀራ የተጠየቅኩትን ጥያቄ ሁሉ በሰዎቹ ቃል፣ ምንም ሳላሳምር፣ ደብተር ላይ ፃፍኩት። 61 ጥያቄ ሆነ። 38ቱ አንድ ነገር ነው የሚሉት፣ እንጀራዬ አይን አላወጣ አለኝ፣ አይኑ ጠፋብኝ፣ ክረምት ሲገባ አይን እምቢ አለኝ። የቀሩት ጤፍ ከየት ልግዛ፣ ምጣድ የቱ ይሻላል፣ ምናምን ናቸው። ኢሜል መሰብሰብ የምታስቡ ሰዎች ከምንም በፊት ይሄን አድርጉ፣ ስጦታው ምን ይሁን ብላችሁ ከራሳችሁ አታምጡ፣ የተጠየቃችሁትን ቁጠሩ። ጥያቄ ገና ካልመጣላችሁ ደሞ ሌሎች ሰዎች ስለዛው ነገር በሚለጥፉት ስር ሰው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ እያያችሁ መዝግቡ።

ስጦታውን ያዘጋጀሁት በዛ አንድ ጥያቄ ላይ ብቻ ነው። ሁለት ገፅ ፒዲኤፍ፣ ርዕሱ "እንጀራዬ ለምን አይን አያወጣም?"፣ በግራ የተበላሸ እንጀራ ፎቶ፣ በቀኝ ምክንያቱና መፍትሄው። ስድስት ፎቶ ነው ያለው፣ ለፎቶው ብዬ ሆነ ብዬ ስድስት ዓይነት አበላሽቼ ጋገርኩ። ለምሳሌ አንዱ ላይ እንጀራው ለስላሳ ሆኖ አይኑ ግን እዚህም እዚያም የተበታተነ ነው፣ ይሄ ብዙ ጊዜ አብሲቱ ከተጣለ በኋላ ሊጡ ኩፍ እስኪል ሳይጠበቅ የተጋገረ ነው። ሌላው ጭራሽ ድፍን ነው፣ ወይ ሊጡ ወፍሯል ወይ ምጣዱ ሳይግል ነው የተጋገረው። የክረምቱ ችግር ደሞ ቤቱ መቀዝቀዙ ነው፣ አዲስ አበባ ኩሽና ውስጥ በሶስት ቀን የሚደርስ ሊጥ እዚህ ጃንዋሪ ላይ ማታ ማሞቂያው ሲቀንስ ዝም ብሎ ይተኛል፣ መፍትሄው ሊጡን ኦቨን ውስጥ አስገብቶ ኦቨኑን ሳይለኩሱ መብራቱን ብቻ ማብራት ነው፣ ያቺ አምፖል የምትሰጠው ሙቀት ይበቃዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው ወረቀቱ።

እዚህ ጋ አንድ ስህተት ሰርቻለሁ፣ እናንተ እንዳትደግሙት። የመጀመሪያው ቅጂ ላይ አብሲት እንዴት እንደሚሰራ ቆርጬ አውጥቼው ነበር። "አብሲት ጣይበት፣ አሰራሩን ክላስ ላይ እናየዋለን" ብዬ። ሁሉን ነገር በነፃ ከሰጠሁ ማን ይገዛኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ሰዎች አንዷ ሚኒያፖሊስ ያሉ ትልቅ ሴት ናቸው፣ እንዲህ ብለው መለሱልኝ፣ "ልጄ፣ ምግብ አቅርበሽ እጅ መታጠቢያውን ወሰድሽብኝ።" በጣም አፈርኩ። እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝ ብዬ ፃፍኩላቸውና ያን ማታ አብሲቱን ሙሉ አድርጌ ጨመርኩት፣ ከቦካው ሊጥ አንድ ኩባያ ያህል ቀንሶ በሚፈላ ውሃ እያማሰሉ እስኪወፍር ማብሰል፣ ለብ እስኪል ማቀዝቀዝ፣ መልሶ ሊጡ ውስጥ መቀላቀል፣ ከዛ ኩፍ እስኪል መጠበቅ፣ እዚህ አገር ቅዝቃዜ ላይ ከሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ለእሳቸውም ለቀሩትም አስራ ዘጠኙ መልሼ ላክሁላቸው።

ያኔ የገባኝ ነገር ስጦታውና የሚሸጠው ነገር ግማሽና ግማሽ መሆን የለባቸውም። ስጦታው አንድ ትንሽ ችግር ከስሩ ነቅሎ መጨረስ አለበት፣ የሚሸጠው ደሞ ያ ችግር ሲፈታ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። አይኑ የወጣላት ሴት ቀጥላ የምትለው እሺ ይሄን ሁሌ እንዴት እንዲህ ላርገው ነው፣ በየጊዜው ከሰው እርሾ ከምለምን የራሴን ላስነሳ ነው፣ አንዴ ጥሩ አንዴ መጥፎ እየሆነብኝ ነው የሚያየኝ ሰው እፈልጋለሁ ነው። ያ ደሞ በወረቀት አይሰጥም፣ ሊጧን ማየት አለብኝ። ስለዚህ ወረቀቱ በሰራ ቁጥር ክላሱን የምትፈልግ ሰው ይበዛል እንጂ አይቀንስም።

አሁን ወደ ፎርሙ። የጠየቅኩት ስምና ኢሜል ብቻ ነው፣ ስልክ ቁጥር ስጨምርበት ሰው መሙላቱን ይተወዋል። ከፎርሙ ስር ግን አንድ አረፍተ ነገር በግልፅ ፅፌያለሁ፣ "ወረቀቱን ወዲያው እልክልሻለሁ፣ ከዛ በኋላ በየሳምንቱ ስለ እንጀራ አንድ ኢሜል እፅፋለሁ፣ አንዳንዴ የምከፍተውን የሚከፈልበት ክላስም እነግርሻለሁ።" ይቺን ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው ይደብቃታል ሰው እንዳይሸሽ ብሎ። እኔ ግን እሷን አንብቦ የሸሸ ሰው ኖሮም አይገዛኝም፣ ያነበበ ሰው ደሞ ክላስ ስልክለት አይደነግጥም። ከዛም አልፎ አውሮፓ ያለ ሰው ፎርሙን ከሞላ እዛ ከ2018 ጀምሮ ያለው ጂዲፒአር የሚሉት ህግ ሰውየው ለምን እንደፈቀደ በግልፅ እንዲያውቅ ይጠይቃል፣ ስጦታ ስለወሰደ ብቻ ማስታወቂያ ፈቅዷል አይባልም። እኔ ጀርመንም ስዊድንም ተማሪ ስላለኝ ለሁሉም አንድ ዓይነት አደረግኩት።

ፎርሙ ሲሞላ ወረቀቱ ወዲያው ስክሪኑ ላይ አይወጣም፣ መጀመሪያ "ኢሜልሽ መሆኑን አረጋግጪልኝ" የሚል ኢሜል ይሄድላታል፣ እዛ ላይ ስትጫን ነው ወረቀቱ የሚመጣላት። ዕጣው ጊዜ ይሄ አልነበረም፣ እና ከ870ው ውስጥ gmail ለማለት gmial ብሎ የፃፈ፣ የሌለ አድራሻ የሞላ፣ የሰው ኢሜል ያስገባ ሞልቶ ነበር። የተሳሳተ አድራሻ ላይ ደጋግሞ መላክ ደሞ በጂሜልና በያሁ ዓይን ያስጠረጥራል፣ አድራሻ ከየትም ገዝታ የምትልክ ሰው ትመስያለሽ። ማረጋገጫው ሰው ያስቀራል አልዋሽም፣ በዛ ዙር 312 ሰው ሞልቶ ያረጋገጠው 251 ነው። መጀመሪያ ላይ ከዚህም በላይ ይቀር ነበር፣ ኢሜሉ ጂሜል ላይ Promotions የሚለው ውስጥ ስለሚገባ ሰው አያየውም ነበር፣ ከሞሉ በኋላ በሚመጣው ገፅ ላይ የስልክ ስክሪን ፎቶ አድርጌ እዚህ ጋ ፈልጊው ብዬ በቀይ ከከበብኩበት በኋላ ነው የተሻለው።

ሌላ ትንሽ ነገር፣ ፒዲኤፉን ከኢሜሉ ጋር አታያይዙት፣ ሊንክ ስጡ። የኔ የመጀመሪያ ፋይል በፎቶው ምክንያት 14 ሜጋባይት ነበር፣ ባስ ላይ ሆና በስልኳ የምትከፍት ሴት አትጠብቀውም፣ ፎቶዎቹን አሳንሼ 1.5 ሜጋባይት አደረስኩት። በሊንክ ሲሆን ደሞ ማን እንደጫነው ታያላችሁ፣ በኋላ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ከየት አድራሻ ትልካላችሁ የሚለው ላይ ብዙ ሰው ሲቸገር አያለሁ። እኔ ለዕጣው ሰዎች የላክሁት በመላኪያ አገልግሎት በኩል ሆኖ ላኪው ግን የራሴ የጂሜል አድራሻ ነበር። ይሄ ድሮ ያልፍ ነበር፣ አሁን አያልፍም፣ ምክንያቱም ከጂሜል ሰርቨር ያልወጣ ኢሜል "ከጂሜል ነኝ" ሲል ተቀባዩ እንደ አስመሳይ ነው የሚያየው። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጉግልና ያሁ አጥብቀውታል። ስለዚህ የራሳችሁን ዶሜይን ግዙ፣ ኢሜል አድራሻ ላይ ከ@ በኋላ የሚመጣው ስም ማለት ነው፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈል ትንሽ ብር ነው፣ ከዛ የመላኪያ አገልግሎታችሁ SPF እና DKIM የሚባሉ መስመሮችን ይሰጣችኋል፣ ዶሜይኑን የገዛችሁበት ቦታ DNS የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ኮፒ አድርጋችሁ ትለጥፋላችሁ። ሶስተኛዋን ራሳችሁ ትጨምራላችሁ፣

```
_dmarc   TXT   "v=DMARC1; p=none"
```

ይሄ ሁሉ ኢሜሉ በእውነት ከናንተ መሆኑን የሚመሰክር ማህተም ነው፣ ለኔ አንድ ማታ ፈጅቶብኛል። ከዛ ለራሳችሁ ጂሜል ላኩና በኮምፒውተር ከፍታችሁ ሶስት ነጥቧን ተጭናችሁ Show original በሉት፣ SPF፣ DKIM፣ DMARC ሶስቱም አጠገብ PASS ካለ ጨርሳችኋል። አሜሪካ ያላችሁ ደሞ እያንዳንዱ የማስታወቂያ ኢሜል ስር እውነተኛ የፖስታ አድራሻ መኖር አለበት፣ ከ2003 ጀምሮ ያለ ህግ ነው፣ የቤታችሁን አድራሻ ለማያውቁት ሰው መስጠት ካልፈለጋችሁ ፖስታ ቤት ሳጥን ተከራዩ፣ ይፈቀዳል። እኔ ብቻዬን ከልጆቼ ጋር ስለምኖር እንደዛ ነው ያረግኩት።

አሁን ለኔ ከሁሉም በላይ ያዋጣኝን ልንገራችሁ። ወረቀቱን የያዘው የመጀመሪያው ኢሜል ላይ ከሊንኩ ስር አንድ ጥያቄ አለ፣ አንቺ የት ነሽ? ብዬ ሶስት መስመር፣ "ጋግሬ አላውቅም"፣ "እጋግራለሁ ግን አንዴ ይሆናል አንዴ አይሆንም"፣ "በደንብ እጋግራለሁ፣ ለማየት ነው"። እያንዳንዱ መስመር ሊንክ ነው፣ ስትጫነው አገልግሎቱ የትኛውን እንደመረጠች ስሟ ላይ ታግ የሚሉትን ምልክት ያደርግባታል፣ እሷ የምታየው አመሰግናለሁ የሚል ገፅ ብቻ ነው። ከ251 ሰው 118ቱ ሁለተኛውን ነው የመረጡት፣ 54 ጋግረው አያውቁም፣ 30 ጎበዞች ናቸው፣ የቀሩት 49 ምንም አልተጫኑም። እኔ የምፈልጋት ሴት ያቺ የ118ቷ ናት። ጋግራ የማታውቀው ምጣድም የላትም ጤፍም የላትም፣ ክላሱን ብትገዛ እንኳ ቀን አንድ ላይ እቃ ፍለጋ ነው የምትውለው፣ ስለዚህ ለእሷ መጀመሪያ ምን መግዛት እንዳለባት ነው የምፅፍላት፣ ክላስ ቶሎ አልሸጥላትም።

ከሁለት ቀን በኋላ የሚሄደው ሁለተኛው ኢሜል በጣም አጭር ነው፣ "ሞከርሽው? አይን አወጣ ወይስ እምቢ አለ? ፎቶ አንስተሽ በዚሁ መልሺልኝ፣ እኔው ራሴ ነኝ የማየው።" ይሄ ኢሜል ጊዜ ይበላል፣ 44 ሰው ፎቶ ልኮልኝ ለሁሉም በእጄ መልሻለሁ፣ ማታ ማታ ልጆቼን ካስተኛሁ በኋላ። ግን መልስ የፃፈችልሽ ሴት ኢሜልሽ ከዛ በኋላ ስፓም ውስጥ የመግባት ዕድሉ በጣም ይቀንሳል፣ ታውቅሻለችና ስምሽን ስታይ ትከፍተዋለች። ደሞ የሚፃፈው ነገር ከዛ ነው የሚመጣው፣ አንዷ እርሾዬ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሸተተኝ አለችኝ፣ ተርቦ ነው፣ ላዩን ውሃ አጥልይና አዲስ ዱቄት ስጪው አልኳት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያ ለሁሉም የተላከ ኢሜል ሆነ፣ ብዙ ሰው የኔም ነው ብሎ መለሰ።

እንዲህ በየሳምንቱ ሀሙስ ማታ አንድ አንድ እየላክሁ ከኦክቶበር 2024 እስከ ገና ድረስ ሄድኩ። እሁድ ጠዋት አልልክም፣ ሰው ቤተክርስቲያን ነው። ጃንዋሪ 2025 ገና ካለፈ በኋላ ክላሱን ከፈትኩ፣ ያን ጊዜ የመረጥኩት ቅዝቃዜው ስለሚከፋ የሊጥ ችግር የሚበዛበት ወር ስለሆነና ዓቢይ ጾምም እየቀረበ ስለሆነ ነው፣ ሰው እንጀራ በብዛት የሚያስብበት ጊዜ ነው። ለ118ቱ ሶስት ኢሜል ላክሁ። የመጀመሪያው ክላሱ ምን እንደሚያካትትና ለማን እንደማይሆን፣ ሁለተኛው ከሚመልሱልኝ ጥያቄ የተነሳ፣ ለምሳሌ ስራዬ ማታ ነው ቪዲዮው ይቀመጣል ወይ የሚሉትን፣ ሶስተኛው ደሞ ነገ ይዘጋል የሚል አጭር። ለቀሩት ሰዎች አንድ ብቻ ላክሁ፣ በተለመደው የሀሙስ ኢሜል መጨረሻ ላይ ሁለት መስመር አድርጌ። ደሞ በየኢሜሉ ላይ "ስለ ክላሱ መስማት አልፈልግም ግን ሌላው ይቀጥልልኝ" የሚል ሊንክ አስቀመጥኩ፣ ዘጠኝ ሰው ተጫነው፣ ያ ሊንክ ባይኖር ዘጠኙም ወይ አንሰብስክራይብ ወይ ስፓም ነበር የሚሉት።

ከ118ቱ አስር ገዙ፣ ከቀሩት ሁለት፣ 12ቱ ቦታ ሞላ። አንሰብስክራይብ ያደረገው በሶስቱም ኢሜል ተደምሮ አራት ሰው ነው፣ ስፓም የሚል የታየኝ የለም። ስለዚህ በ180 ዶላር ምጣድ 870 ሰው አምጥቼ 165 ዶላር ነው ያስገባሁት፣ በሁለት ገፅ ወረቀት 251 ሰው አምጥቼ 660 ዶላር። ትልቅ ገንዘብ ነው አልልም፣ ሶስት ወር የፃፍኩበትን ማታ ብትቆጥሩት ያን ያህል አይደለም። ግን ሰዎቹ አሉ፣ ክላሱን ያልገዙት አሁንም ያነባሉ፣ በሚቀጥለው ዙር ከገዙት ውስጥ አምስቱ ያኔ ያልገዙ የ118ቱ ሴቶች ናቸው።

ቁጥር ስታዩ ስንት ሰው ከፈተው የሚለውን ብዙ አትመኑት። አፕል ከ2021 ጀምሮ በራሱ ሜይል አፕ የሚያነቡ ሰዎችን ኢሜል ቀድሞ ራሱ ስለሚከፍተው ያላነበበ ሰው ያነበበ ይመስላችኋል፣ አይፎን የሚይዝ ሰው ሲበዛ ቁጥሩ ያምራል ግን እውነት አይደለም። እኔ የማየው ስንት ሰው ሊንክ ተጫነ፣ ስንት ሰው መለሰ የሚለውን ነው። ስድስት ወር ምንም ያልተጫነች ያልመለሰች ሰው ካለች "አሁንም ልፃፍልሽ?" የሚል አንድ ኢሜል እልካለሁ፣ ካልተጫነች አወጣታለሁ። ከዕጣው 870 ውስጥ የቀሩትንም እንደዚሁ ጠየቅኳቸው፣ በአንድ ቀን ሳይሆን በየቀኑ ሰማንያ ሰማንያ እያደረግኩ፣ 96 ሰው አዎ አለ፣ የቀረውን በሙሉ አጠፋሁት። ስታጠፉት ያማል፣ ያን ቁጥር ለማምጣት የለፋችሁት ትዝ ይላችኋል፣ ግን ከሁለት ወር በኋላ ተማሪዎቼ ኢሜልሽ ስፓም ገባ ማለታቸውን አቆሙ።

ይሄ ግን ለሁሉም ቦታ አይሆንም። አዲስ አበባ ላለችው እህቴ የልብስ ስፌት ለምታስተምረው ይሄንኑ ብነግራት ተማሪዎቿ ኢሜል የሚያዩት ለስራ ማመልከቻ ብቻ ነው፣ ለሷ ያው ወረቀት በቴሌግራም ቻናል ነው የሰራላት፣ የስጦታው አመራረጥ ያው ነው መንገዱ ነው የሚለየው። እዚህም ቢሆን ትልልቅ ሴቶች ኢሜላቸውን ራሳቸው አይከፍቱም። እኒያ የሚኒያፖሊሷን እማማ ክላሱ ላይ ሳገኛቸው ነው የነገሩኝ፣ ፎርሙን የሞላላቸውም፣ አረጋግጪ የሚለውን የተጫነውም፣ በየሀሙሱ የሚያነብላቸውም ልጃቸው ነው፣ የሚመልሱልኝንም እሱ ነው የሚፅፈው። ከዛ ወዲህ ፎርሙ ላይ ከስም ቀጥሎ "የምትጋግረው ማን ናት? አንቺ ወይስ እናትሽ?" የሚል ምርጫ አስገብቼበታለሁ፣ እናቴ ያለ ሰው ኢሜሉ "ለእናትዎ ያንብቡላቸው" ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ፊደሉም ከፍ ያለ ነው፣ ወረቀቱም እንዲታተም ሆኖ ፎቶዎቹ ትልልቅ የሆኑበት ሌላ ቅጂ አለው፣ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ።